የኮሪያና የማሌዥያ መኪና፦ የሁለት ድኅረ ቅኝ አገሮችን የኢንዱስትሪ ፖሊሲ በልማታዊ መንግሥት መከራከሪያ ለማነጻጸር ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ በየሴሚስተሩ መጨረሻ እጄ የሚገቡት የተማሪዎች ረቂቆች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው። አሳይመንቱ የሁለት አገሮችን የኢንዱስትሪ ፖሊሲ አነጻጽሩ ይላል፤ ረቂቁ ደግሞ የአንዱን አገር ታሪክ በሦስት ገጽ፣ የሌላውን በሦስት ገጽ ይተርክና በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «የመጀመሪያው መንግሥት ልማታዊ ስለነበረ ተሳካለት፤ ሁለተኛው ስላልነበረ አልተሳካለትም» ብሎ ይዘጋል። አንባቢው ሁለት ታሪኮችን አንብቧል፤ አንዱ አገር ከሌላው ለምን እንደተለየ ግን ማንም አልነገረውም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንሠራበት ምሳሌ የደቡብ ኮሪያና የማሌዥያ የመኪና ኢንዱስትሪ ነው። እናንተ ሌላ ጥንድ ብትመርጡም ደረጃዎቹን በዚሁ ተራ ተከተሉ፤ በተለይ ከደረጃ 3 በፊት ምንም አንቀጽ አትጻፉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የጽሑፉን ርዝመት ለዩ። ይህ መመሪያ ከ1,500 እስከ 2,000 ቃል ለሚሆን አጭር የጉዳይ ጥናት ነው። በዚህ ርዝመት ውስጥ የሚገባው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ኢንዱስትሪና ሁለት አገር ብቻ ነው።

ንባባችሁን በሦስት ክፈሉ፦ መከራከሪያውን የሚያስተምር አንድ ጽሑፍ፣ ስለ መጀመሪያው አገር ሁለት፣ ስለ ሁለተኛው አገር ሁለት። ከየአገሩ ሁለት ጽሑፎች አንዱ የልማታዊ መንግሥትን መከራከሪያ የማይቀበል ሰው የጻፈው ይሁን፤ አለበለዚያ ደረጃ 6 ላይ ስትደርሱ የምትጽፉት አይኖራችሁም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሽ ላይ እንዳትቀሩ ንባቡን በሙሉ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ኮፒ ቤት ከተባዛ ያለፉት ዓመታት ሀንዳውት ላይ ቁጥር አትውሰዱ፤ እየተገለበጠ የመጣ ቁጥር ከየት እንደተነሣ ማንም አያውቀውምና።

የዘመን አቆጣጠሩን ከወዲሁ ወስኑ። ዓመቶቹን በሙሉ በጎርጎርሳውያኑ አቆጣጠር ጻፉ፤ እዚህም የምጠቀመው እሱን ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በንጽጽር ጽሑፍ ውስጥ የክስተቶች ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው። የኮሪያ የከባድና የኬሚካል ኢንዱስትሪ ዕቅድ የታወጀው በጥር 1973 ሲሆን ሂዩንዳይ ሞተር የተቋቋመው በ1967 ነው። አንድ ተማሪ የዕቅዱን ዓመት ከአማርኛ ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር 1965 ብሎ ሲወስድ፣ የኩባንያውን ደግሞ ከእንግሊዝኛ 1967 ብሎ ሲወስድ፣ ዕቅዱ ከኩባንያው በፊት የመጣ ይሆንና ሙሉ መከራከሪያው ይገለበጣል።

## ደረጃ 1፦ ሁለቱን አገሮች ምረጡ

ጥንዱ ሦስት መስፈርት ማሟላት አለበት። ሁለቱም በቅኝ የተገዙ ይሁኑ፤ መንግሥቶቻቸው አንድ ዓይነት ነገር የሞከሩ ይሁኑ፤ ውጤታቸው ግን ይለያይ። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ የዛሬዋ ማሌዥያ አካል የሆነችው ማላያ ከብሪታንያ ነጻ የወጣችው በ1957 ነው። ሁለቱም መንግሥታት የራሳቸውን የአገር መኪና ለመሥራት ወስነው ገበያቸውን ከውጭ መኪና ከልለዋል፤ ውጤቱ ግን ለየቅል ሆኗል።

ከሩቅ የሚጠራሩ አገሮችን አታጣምሩ። ኮሪያን ከጋና ጋር ማነጻጸር ደጋግሞ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ግን የሚለየው ነገር ብዛቱ ልክ ስለሌለው የትኛው ልዩነት ውጤቱን እንዳመጣ በ2,000 ቃል ማሳየት አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢትዮጵያን ከሁለቱ አንዷ ለማድረግ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው፤ ፍላጎቱ ይገባኛል። ርዕሱ «ድኅረ ቅኝ ግዛት» እስካለ ድረስ ግን ከ1936 እስከ 1941 የነበረው የጣሊያን ወረራ አገሪቱን ከዚያ ምድብ ያስገባታል ወይስ አያስገባትም የሚለውን ለመከራከር አንድ ሙሉ ገጽ ይጠፋባችኋል። በ2018 መጨረሻ የተመረቀውን የጅማ ኢንዱስትሪያል ፓርክም ሦስተኛ ጉዳይ አድርጋችሁ አትጨምሩ። በዓይን የሚታይና ቅርብ መሆኑ ይስባል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምንጠይቀው ጥያቄ አሥር ዓመት ያህል ውጤት ይፈልጋል። ለመምህሩ መጥቀስ ካማራችሁ በመዝጊያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

## ደረጃ 2፦ ወደ አንድ ኢንዱስትሪ አጥብቡ

«የኮሪያ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ስለ ብረት፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ጨርቃ ጨርቅና ስለ ማዳበሪያ በአንድ ትንፋሽ ለማውራት ይገደዳል። አንድ ኢንዱስትሪ ምረጡ፤ የሚቻል ከሆነም ሁለቱ አገሮች በተቻለ መጠን ተመሳሳይ መነሻ የነበራቸውን ኢንዱስትሪ ምረጡ።

መኪናን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። የሂዩንዳዩ ፖኒ በታኅሣሥ 1975 ማምረቻው ውስጥ ሲጀመር ሞተሩና ማርሹ ከጃፓኑ ሚትሱቢሺ የተገኙ ነበሩ። የማሌዥያው ፕሮቶን ሳጋ በሐምሌ 1985 ገበያ ላይ ሲወጣም መሠረቱ የሚትሱቢሺ ላንሰር ነበር። የቴክኖሎጂው ምንጭ አንድ ከሆነ «አንዱ ጥሩ ቴክኖሎጂ አገኘ፤ ሌላው አላገኘም» የሚለው ቀላል መልስ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጥያቄው ወደ መንግሥቶቹ ይዞራል።

የጊዜ ወሰኑን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በፕሮጀክቱ ዕድሜ አስተካክሉ። የ1986ቱን ኮሪያ ከ1986ቱ ማሌዥያ ጋር ማስተያየት የአሥር ዓመት ልጅን ከሚድኸው ጋር እንደማስሮጥ ነው። የመጀመሪያው የአገር መኪና ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያሉትን አሥር ዓመታት በሁለቱም በኩል ውሰዱ፦ ለኮሪያ ከ1975 መጨረሻ እስከ 1986፣ ለማሌዥያ ከ1985 እስከ 1995 ገደማ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ መጥቀስ ይቻላል።

## ደረጃ 3፦ መከራከሪያውን የሚፈተን አባባል አድርጉት

ትልቁ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

«ልማታዊ መንግሥት» በአገራችን ለረጅም ጊዜ የገዢ ፓርቲ መፈክር ሆኖ ስለኖረ ተማሪው ወይ ለማወደስ ወይ ለመንቀፍ ይጠቀምበታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም አታድርጉ። ቃሉ እዚህ የሚሠራው የመንግሥትን አሠራር ለመግለጽ ብቻ ነው።

በዘርፉ ውስጥ አንድ ነጠላ መከራከሪያ የለም፤ ቢያንስ ሦስት አሉ። ቻልመርስ ጆንሰን በ1982 ስለ ጃፓን ሲጽፍ ክብደቱን የሰጠው በችሎታ ለተመረጠ ቢሮክራሲና አቅጣጫውን ለሚመራ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። አሊስ አምስደን በ1989 ስለ ኮሪያ ስትጽፍ ክብደቱን ወደ ልውውጡ አዛወረችው፤ መንግሥት ድጎማ ይሰጣል፣ በምትኩ ደግሞ ከኩባንያው የሚለካ ውጤት ይጠይቃል። ፒተር ኢቫንስ በ1995 ያነሣው ቢሮክራሲው ከባለሀብቱ ጋር በቅርብ እየተነጋገረ በባለሀብቱ እጅ ግን የማይወድቅበትን ግንኙነት ነው።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሦስቱንም የሚጠቅስ ጽሑፍ አንዱንም አይፈትንም። እዚህ የአምስደንን እንውሰድ፤ ምክንያቱም ግዴታ በአዋጅ፣ በዕቅድና በኩባንያ ታሪክ ውስጥ ዱካ ስለሚተው ማስረጃው ይገኛል።

አሁን የመረጣችሁትን መከራከሪያ ሊሳሳት በሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ለምሳሌ፦ «ሁለቱም መንግሥታት የመኪና አምራቾቻቸውን ከውጭ ውድድር ጠብቀዋል፤ የኮሪያው ጥበቃ ግን በዋጋና በወጪ ንግድ ግዴታ የታሰረና ያላሟላውን የሚያስወጣ ስለነበረ ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣ ኢንዱስትሪ ፈጠረ፤ የማሌዥያው ጥበቃ ይህን ግዴታ ስላልያዘ የአገር ውስጥ ገበያን የሚይዝ ኢንዱስትሪ ፈጠረ።» ይህ አባባል ስሕተት የሚሆንበት መንገድ አለ፦ ማሌዥያ እንዲህ ያለ ግዴታ እንደጣለች ወይም ኮሪያ እንዳልጣለች ብታገኙ ይወድቃል። የእናንተም አባባል እንዲህ መውደቂያ ይኑረው።

ክብ መከራከሪያን እንዴት ታውቁታላችሁ? ረቂቃችሁን አንሡና «ልማታዊ» የሚለውን ቃል በገባበት ሁሉ «የተሳካለት» በሚለው ተኩት። ዓረፍተ ነገሮቹ ትርጉማቸው ካልተቀየረ ክብ ውስጥ ናችሁ፦ መንግሥቱ ልማታዊ የተባለው አገሩ ስላደገ ነው፤ አገሩ ያደገው ደግሞ መንግሥቱ ልማታዊ ስለሆነ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ውጤትን የማይጠራ ትርጓሜ መስጠት ነው። «ልማታዊ የምለው ለሚሰጠው ድጋፍ የሚለካ ግዴታ የሚያስቀምጥና ግዴታው ሲጣስ ድጋፉን የሚያነሣ መንግሥትን ነው» ብትሉ፣ እንዲህ ያለ መንግሥት ኖሮ ኢንዱስትሪው ሊወድቅ ይችላል፤ ሳይኖርም ሊሳካ ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈተን ነገር አላችሁ።

## ደረጃ 4፦ ለሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ

አንድ ወረቀት በቁመት ለሁለት ክፈሉ፤ በግራ ኮሪያን፣ በቀኝ ማሌዥያን ጻፉ፤ ወደ ታች አራት ጥያቄዎችን አስቀምጡ፦

1. መንግሥት ምን ሰጠ?
2. በምትኩ ምን ጠየቀ?
3. መሟላቱን ማን ተከታተለ?
4. ሳይሟላ ሲቀር ምን ሆነ?

አንዱ ሳጥን ሞልቶ ትይዩው ባዶ ከሆነ ወደ ንባቡ ተመለሱ። በአንድ በኩል ብቻ ያለ ማስረጃ ለንጽጽር አይጠቅምም።

የኮሪያ ሳጥኖች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትመልሱ የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት በ1961 ሥልጣን እንደያዘ ባንኮችን በመንግሥት እጅ ማድረጉን መዝግቡ፤ ብድር የሚሰጠውና የሚከለክለው መንግሥት ነበርና። የመኪና ኢንዱስትሪ ጥበቃ ሕግም በ1962 ወጣ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከ1973 በኋላ የመጣው የመኪና ዕቅድ አለ። ዕቅዱ አምራቾች በአገር ውስጥ የተሠራ፣ ሞተሩ ከ1,500 ሲሲ ያልበለጠ፣ ዋጋው ከ2,000 ዶላር በታች የሆነ አነስተኛ መኪና እንዲያቀርቡ ጠየቀ። እስከዚያ ድረስ ሂዩንዳይ ኡልሳን በሚገኘው ፋብሪካው የፎርድን ኮርቲና ይገጣጥም ነበር፤ ከፎርድ ጋር የነበረው የሽርክና ድርድር ፈርሶ የራሱን መኪና ለመሥራት የተነሣውም በዚሁ ወቅት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ፓርክ ራሱ የሚመራውን ወርኃዊ የወጪ ንግድ ማስፋፊያ ስብሰባ ታገኛላችሁ። ፖኒ በ1976 ወደ ኢኳዶር ተላከ፤ ወደ ውጭ የሚላከው መኪና ከማምረቻ ወጪው በታች ይሸጥ ስለነበር ኪሳራው የሚካካሰው በተዘጋው የአገር ውስጥ ገበያ በሚገኘው ትርፍ ነበር። የጥበቃው ትርፍ ለምን ሥራ እንደዋለ የሚያሳየው ይህ ነው። አራተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ በ1981 መንግሥት ኪያን ከቤት መኪና ሥራ አስወጥቶ ወደ ጭነት መኪና እንዳዞረው ጻፉ፤ ኪያ ወደ ቤት መኪና የተመለሰው በአሥርቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር ይመጣል፤ ደብቃችሁ አትለፉት። በዚያው ወቅት መንግሥት ሂዩንዳይን ከጄኔራል ሞተርስ የኮሪያ ሽርክና ጋር ለማዋሐድ ሞክሮ አልተሳካለትም። ኮሪያ ውስጥም ቢሆን መንግሥት ያዘዘው ሁሉ አልሆነም ማለት ነው።

የማሌዥያ ሳጥኖች። ፕሮቶን በ1983 ሲቋቋም 70 በመቶው የመንግሥቱ ከባድ ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን የሂኮም፣ ቀሪው 30 በመቶ የሁለት የሚትሱቢሺ ኩባንያዎች ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሐመድ የቆመለት ፕሮጀክት ስለነበር ሌሎች ገጣጣሚዎች ለሚያስገቡት የተገነጣጠለ ዕቃ የሚከፍሉትን ቀረጥ ፕሮቶን እንዳይከፍል ተደረገ፤ ስለዚህም መኪናው በዋጋ ሁሉንም ቀደመ። በምትኩ የተጠየቀው ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» አይደለም፤ ብዙ ረቂቆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከ1969ኙ የብሔረሰቦች ግጭት በኋላ በ1971 የተጀመረው አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የማላዮችንና የሌሎች ነባር ሕዝቦችን የኩባንያ ድርሻ በ1990 ወደ 30 በመቶ ለማድረስ ያለመ ነበር፤ ፕሮቶንም ከእነዚሁ ወገኖች የሚወጡ የመለዋወጫ አቅራቢዎችን እንዲያሳድግ ይጠበቅበት ነበር። ግዴታ ነበረ፤ የሚለካው ግን በባለቤትነት ድርሻ እንጂ በዋጋ ወይም ወደ ውጭ በሚላክ መኪና አልነበረም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለእናንተ ንባብ እተወዋለሁ፤ አራተኛው ጥያቄም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ መጣ፤ ከ1985 በኋላ የየን ዋጋ ሲንር ከጃፓን የሚገዛው ዕቃ ተወደደ፤ ኩባንያው ከሰረ። መንግሥት ዝም አላለም፤ በ1988 ከሚትሱቢሺ የመጣ ጃፓናዊ ሥራ አስኪያጅ ሾመ። ቅጣት ነበረ፤ ያረፈው ግን በሥራ አመራሩ ላይ ነው። የቀረጥ ከለላው አልተነካም። እኔ እንደማየው የሁለቱ አገሮች ልዩነት በጣም የሚጠራው እዚህች ነጥብ ላይ ነው፦ ኮሪያ ውስጥ ከከለላው የተባረረ ኩባንያ አለ፤ ማሌዥያ ውስጥ የተባረረው ሰው ነው።

ለውጤቱ ረድፍ ሁለት ነገሮችን ብቻ አስቀምጡ። በ1986 ሂዩንዳይ ኤክሴል ወደ አሜሪካ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ከ168,000 በላይ ተሸጠ። ፕሮቶን ከ1989 ጀምሮ ወደ ብሪታንያ ቢልክም በ1990ዎቹ ጥንካሬው ከግማሽ በላይ በያዘው በአገሩ ገበያ ውስጥ ነበር፤ በ2017 ደግሞ 49.9 በመቶው ለቻይናው ጂሊ ተሸጠ።

## ደረጃ 5፦ በጥያቄ ጻፉ፣ በአገር አትጻፉ

አራቱ ጥያቄዎች የጽሑፉ አካል አራት አንቀጾች ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥም ሁለቱ አገሮች ይገናኛሉ። አካሉን «ኮሪያ» እና «ማሌዥያ» በሚሉ ንዑስ ርዕሶች ከከፈላችሁ በመግቢያው ወደ ጠቀስኩት ውድቀት ተመልሳችኋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልኝ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

> ኮሪያ ጠንካራ መንግሥት ነበራት። ፓርክ ቹንግ ሂ አገሩን በፍጥነት አሳደገ። በማሌዥያ በኩል ደግሞ ማሃቲር ፕሮቶንን አቋቋመ፤ ነገር ግን ፕሮቶን ተወዳዳሪ አልሆነም።

ሁለት ስሕተት አለበት። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለቱን አይለያቸውም፤ ማሃቲርም ደካማ መሪ አልነበረምና ሁለቱም አገሮች ውስጥ ያለ ነገር የውጤትን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። ሁለተኛው ስሕተት በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ምንም መንገድ አለመታየቱ ነው። ይኸው አንቀጽ በአራተኛው ጥያቄ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

> ሁለቱም መንግሥታት ችግር ሲመጣ እርምጃ ወስደዋል፤ እርምጃው ያረፈበት ቦታ ግን ይለያያል። የኮሪያ መንግሥት በ1981 ገበያው ሲጠብበት ኪያን ከቤት መኪና ማምረት አስወጣ፤ ስለዚህ የቀሩት አምራቾች ከለላው ሊነሣ እንደሚችል በተግባር አዩ። የማሌዥያ መንግሥት በ1988 የፕሮቶንን ሥራ አስኪያጅ ቀየረ፤ የቀረጥ ልዩነቱ ግን ስለቀጠለ ኩባንያው በአገሩ ገበያ ብቻ ትርፋማ መሆን ይችል ነበር። በመሆኑም ለሂዩንዳይ የውጭ ገበያ ማስገደጃ ሲሆን ለፕሮቶን ምርጫ ሆኖ ቀረ።

በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም አገር ይይዛል፣ ቀጥሎ የየአገሩ ማስረጃ ይመጣል፣ «ስለዚህ» እና «ስለቀጠለ» የሚሉት ቃላት ደግሞ እርምጃው የኩባንያውን አካሄድ እንዴት እንደለወጠ ያሳያሉ። አንቀጻችሁን ስትጨርሱ እነዚህን ማያያዣዎች ፈልጉ፤ ከሌሉ የተጻፈው ዜና መዋዕል ነው።

## ደረጃ 6፦ ተቀናቃኝ ማብራሪያዎችን ግቡባቸው

ከቃላችሁ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ለዚህ አስቀምጡ። መምህራን ነጥብ የሚቆርጡትም የሚጨምሩትም እዚህ ላይ ነው።

የገበያ ስፋት። ይህ ከሁሉም የበረታው ተቀናቃኝ ነው። ኮሪያ በ1975 ወደ 35 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ማሌዥያ በ1985 የነበራት 16 ሚሊዮን ገደማ ነበር። መኪና በብዛት ካልተመረተ ዋጋው አይወርድም፤ ስለዚህ ማሌዥያ ከመነሻው ተጎድታለች ሊባል ይችላል። መልሱ በከፊል ይህ ነው፦ ገበያ መጥበቡ ወደ ውጭ ለመላክ የበለጠ ምክንያት መሆን ነበረበት። «በከፊል» ያልኩት ሆነ ብዬ ነው፤ በዚህ ንጽጽር የገበያን ስፋት ፈጽሞ ማስወገድ አይቻልም፤ ጽሑፋችሁም ይህን በግልጽ ይቀበል።

የአምራቾች ቁጥርና ባለቤትነት። ኮሪያ ውስጥ ብዙ የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ ማሌዥያ ውስጥ አንድ የመንግሥት ኩባንያ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው መንግሥት ልጁን ማባረር እንደማይችል ግልጽ ነው። ይህ መከራከሪያችሁን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠልቀዋል፦ የማስወጣት ዛቻ የሚታመነው ተተኪ ሲኖር ነው። በ1993 ፔሮዱዋ ሁለተኛ የአገር መኪና አምራች ሆኖ ቢመጣም ያን ጊዜ ፕሮቶን አሥረኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

የቅኝ ግዛት ውርስ። የጃፓን አገዛዝ በኮሪያ ጠንካራ ቢሮክራሲና ፋብሪካ ትቷል፤ ብሪታንያ ማላያ ውስጥ የተወችው የጎማና የቆርቆሮ ኢኮኖሚ ነው የሚል ክርክር አለ። ይህን ለመፈተን ወደ ኮሪያ ውስጥ ግቡ። በ1962 ሴናራ የተባለ ኩባንያ የኒሳን መኪና መገጣጠም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር በ1963 ቆመ። አገሩ ያው፣ ውርሱ ያው፣ መሪውም ያው ሆኖ ሳለ ፕሮጀክቱ ወደቀ። ስለዚህ ውርሱ ቢረዳም ብቻውን አይበቃም። በአንድ አገር ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ ውድቀት ለክርክር ከአሥር ጥቅስ ይበልጣል፤ ስታነቡ በተለይ ፈልጉት።

ሌሎች ማብራሪያዎችም አሉ፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ገበያ መከፈትና የቀዝቃዛው ጦርነት ድጋፍ። ሁለት ወይም ሦስት በደንብ ተመርምረው ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቀስ ይበቃል።

## ደረጃ 7፦ አሰባስቡ

ለ2,000 ቃል የሚሆነው ድልድል ይህ ነው፦ መግቢያው ከጥያቄውና ከዋናው አባባል ጋር 200፣ መከራከሪያውና ትርጓሜው 300፣ አራቱ የንጽጽር አንቀጾች 900፣ ተቀናቃኝ ማብራሪያዎች 450፣ መደምደሚያ 150። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉ። መደምደሚያው አባባላችሁ ከፈተናው በኋላ ምን ያህል እንደቆመ ይናገር፤ በምሳሌያችን «የግዴታው ልዩነት የኩባንያዎቹን የገበያ ምርጫ ያስረዳል፤ የወጪ ልዩነታቸውን ግን የገበያ ስፋትን ሳይጨምር አያስረዳም» የሚል ይሆናል። ለኢትዮጵያ ምክር አትስጡ፤ ሁለት የእስያ መኪና ፋብሪካዎችን ያጠና ሰው ስለ ጅማ ወይም ስለ ሐዋሳ ፓርክ የሚያዝበት ማስረጃ የለውም።

## አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ለአንዱ አገር ማስረጃ ካጣችሁ፦ አገሩን ከመቀየራችሁ በፊት ጥያቄውን አጥብቡ። አራቱን ጥያቄዎች ወደ ሁለት፣ ማለትም ወደ ግዴታውና ወደ ቅጣቱ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ያም ካልሆነ አገሩን ቀይሩ፤ ኢንዱስትሪውን ግን አትንኩት።

ማስረጃው አባባላችሁን ከተቃወመ፦ አባባሉን ቀይሩ እንጂ ማስረጃውን አትተዉ። በምሳሌያችን «ማሌዥያ ምንም ግዴታ አልጣለችም» ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ባለቤትነት ድርሻ ሲያነብ አባባሉ ይወድቃል፤ «የጣለችው ግዴታ ሌላ መለኪያ ነበረው» ብሎ ሲያስተካክለው ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጽሑፉ አምባገነንነትን የሚያወድስ መስሎ ከተሰማችሁ፦ ምናልባት ነው። ፓርክ በ1972 ባወጣው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ያለገደብ ማራዘሙንና የሠራተኛ ማኅበራት መታፈናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ፤ ከዚያም መከራከሪያችሁ ስለ ግዴታና ስለ ቅጣት እንጂ ስለ ጭቆና እንዳልሆነ ለዩ። ግዴታ መጣል ያለ ጭቆና ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ በዚህ ርዝመት ውስጥ ግን አይመለስምና አትክፈቱት።

ቃሉ ከበዛባችሁ፦ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመሪዎች የሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀጥሎ ለኮሪያ ከ1961፣ ለማሌዥያ ከ1981 በፊት ያለው ዳራ፤ ቀጥሎ ከ1995 በኋላ ያለው የፕሮቶን ታሪክ። ከደረጃ 6 ምንም አትቁረጡ።